ዶላር እጥፍ ሲሆን ጎማው ለምን እጥፍ አልሆነም? በ34 መልሶች የሄደ ክርክር

ክሩ፣ ማለትም የኢንተርኔት ውይይቱ፣ የተከፈተው በሰኔ 2017 ነው። ጠያቂው አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ ይዞ የሚሠራ የታክሲ ሾፌር ነው። ሁለት ደረሰኞችን ፎቶ አንስቶ ለጥፏል። አንደኛው በሰኔ 2016 የገዛው ጎማ ነው፣ 6,500 ብር። ሁለተኛው በጥቅምት 2017 ከዚያው ሱቅ የገዛው ተመሳሳይ ጎማ ነው፣ 7,800 ብር። በሁለቱ መካከል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ለቆታል። ከዚያ በፊት የባንክ ዶላር 57 ብር ከ50 አካባቢ ነበር። ከሁለት ወር ያህል በኋላ 115 አካባቢ ደረሰ።

ሾፌሩን ያስጨነቀው ጎማው ብቻ አይደለም። እናቱ በየወሩ የምትወስደው የደም ግፊት መድኃኒት በዚያው ጊዜ ከ420 ብር ወደ 810 ብር ወጥቷል። ዶላሩ ለሁለቱም አንድ ነው። ታዲያ ጎማው በአንድ አምስተኛ ብቻ ጨምሮ መድኃኒቱ እንዴት እጥፍ ሊሆን ቻለ? ሌላም ጥያቄ አለው። በሐምሌ መጨረሻ ሱቁ ውስጥ የነበሩት ጎማዎች በድሮው ዶላር የገቡ ናቸው። ዋጋቸው ግን በአንድ ሌሊት ተቀየረ። ይህ ምን ይባላል?

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መልሶች አጭር ናቸው። ሁለቱም ነገሩን የነጋዴ ስግብግብነት ብለው ዘጉት። ሦስተኛውን የጻፈው የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነው። አጻጻፉ ትሁት ነው፣ ስሌቱ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። እንደ እሱ አባባል አንድ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው በዶላር ከሆነና ዶላሩ በብር እጥፍ ከሆነ፣ የዕቃው የብር ዋጋም እጥፍ መሆን አለበት። ስለዚህ መድኃኒቱ ትክክለኛውን መንገድ ይዟል፤ ጎማው ግን አሮጌ ክምችት ስለሆነ ነው ያልጨመረው፣ ክምችቱ ሲያልቅ 13,000 ይገባል ብሎ ገመተ። ሾፌሩ ወዲያው መለሰለት። ጥያቄውን በሚጽፍበት ቀን እንኳ፣ ዓመት ሊሞላው ምንም ሳይቀረው፣ ጎማው 13,000 አልገባም።

አራተኛው መልስ የሶማሌ ተራ መለዋወጫ ነጋዴ ነው። እሱ የመጣው ለሁለተኛው ጥያቄ ነበር። በዚያ ሳምንት ሱቁ ውስጥ የሆነውን በዝርዝር ተረከ። ሰኞ ጠዋት ኩሽኔታና የፍሬን ሸራ በድሮው ዋጋ ሸጠ። ከሰዓት ለመተካት ለጅምላ አከፋፋዩ ሲደውል ስልክ የሚያነሳ ጠፋ። ማክሰኞ አከፋፋዩ ስልኩን አነሳ፣ ዋጋ ግን አልሰጥም አለ፤ ለእሱም ከላይ ዋጋ የሚነግረው አላገኘም። ነጋዴው የሚለው፣ የሸጠው ዕቃ ስንት እንደገባበት ያውቃል፤ በምትኩ የሚያስገባው ስንት እንደሚያስወጣው ግን አያውቅም። መቶ ኩሽኔታ በድሮው ዋጋ ሸጦ በገንዘቡ ሰባ ብቻ መግዛት ከቻለ፣ ሠላሳው ከካፒታሉ ተበላ ማለት ነው። ስለዚህ የሚሸጠው በገዛበት ዋጋ ሳይሆን በሚተካበት ዋጋ እንደሆነ፣ ይህንንም ሲያደርግ እንደማያፍር ገለጸ።

እኔ ይህ ክርክር ከባዶ ሰበብ በላይ ነው ባይ ነኝ። መጋዘን ውስጥ ያለ ዕቃ ዋጋው በተገዛበት ላይ አይቆምም፤ ነገ ከሚተካው ጋር አብሮ ይሄዳል። አምስተኛው መላሽ ግን አለቀቀውም። ዶላር ቢወርድስ በውድ የገባውን ዕቃ በዚያው ቀን በርካሹ መተኪያ ዋጋ ትሸጠዋለህ ወይ ሲል አፋጠጠው። ነጋዴው ለዚህ መልስ አልሰጠም። ሌላ ሰው ደግሞ በዚያ ሰሞን ያለ አግባብ ዋጋ ጨመሩ ተብለው የታሸጉ ሱቆችን አስታወሰና ማሸጉ ትክክል ነበር አልነበረም በሚል ጥቂት ተነታረኩ።

ክሩን ክር ያደረገው ሰባተኛው መልስ ነው። የጻፈችው ትራንዚተር ናት፤ የአስመጪዎችን ዕቃ ከጉምሩክ የምታስወጣ። ዲክላራሲዮን ስትሞላ የኖረች ሴት መሆኗ ከአጻጻፏ ይታያል። የጀመረችው ተማሪውን በማረም ነው። ጥያቄው ባንክ ዶላሩን ስንት አለው የሚለው ብቻ እንዳልሆነ፣ ይልቁን ዕቃው ከሐምሌ በፊት በየትኛው ዶላር ይገባ ነበር የሚለው እንደሆነ ነገረችው። ምክንያቱም ያኔ ሁለት ዶላር ነበር። አንዱ የባንክ ነው፣ 57 ብር ከ50። እሱ በወረፋ የሚገኝ ነው፤ ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት የመሰሉት ቅድሚያ ያገኙ ነበር። ሌላው የብላኩ ነው፣ 115 አካባቢ። ጎማ፣ መለዋወጫና የቤት ዕቃ የሚያስገባው ሰው የባንኩን ወረፋ ቢጠብቅ ዓመት ያልፈዋል። ስለዚህ ሰነዱ የሚለው ምንም ይሁን ምን፣ ከገንዘቡ የሚበዛው በብላክ የተገዛ ዶላር ነበር።

ከዚያ አንድ ጎማ ይዛ አሰላች። እስከ ድንበር ድረስ ማጓጓዣና ኢንሹራንሱን ጨምሮ 40 ዶላር ይሁን አለች። የጉምሩክ ቀረጡን ለምሳሌ ያህል 10 በመቶ አደረገችው፤ ትክክለኛው በዕቃው ዓይነት እንደሚለያይም አስጠነቀቀች። ቀረጡ ዕቃው ላይ ይሰላል። 15 በመቶው ቫት ዕቃውና ቀረጡ ተደምረው በድምሩ ላይ ይሰላል። ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጨመረው 10 በመቶው ሱር ታክስ ደግሞ ዕቃው፣ ቀረጡና ቫቱ ሁሉ ተደምረው በዚያ ላይ ይሰላል። አንዱ ግብር በሌላው ላይ ስለሚወጣ፣ ጠቅላላው የዕቃውን ዋጋ 39 በመቶ ያህል ይሆናል። ሌሎች ትናንሽ ክፍያዎችን ነገሩ እንዳይምታታ ተወቻቸው።

አሁን ሁለት አስመጪ እናስብ ብላ ቀጠለች። የመጀመሪያው ዕድለኛ ነው፤ ዶላሩን ከባንክ አግኝቷል። ጎማው 2,300 ብር ያስወጣዋል። ጉምሩክ በባንክ ዋጋ ስለሚያሰላ ግብሩ 900 ነው። ድምር 3,200። ምንዛሪው ሲለቀቅ ጎማው 4,600፣ ግብሩ 1,800፣ ድምሩ 6,400 ሆነ። ልክ እጥፍ። ተማሪው ያሰበው ይህንን ሰው ነው።

ሁለተኛው ዶላሩን በብላክ ይገዛል። ከሐምሌ በፊትም ጎማው 4,600 ያስወጣው ነበር። ግብሩ ግን የሚሰላው በባንኩ 57 ብር ከ50 ነው፤ ስለዚህ 900 ብቻ ይከፍላል። ድምር 5,500። ምንዛሪው ከተለቀቀ በኋላ ጎማው አሁንም 4,600 ነው፣ ምንም አልጨመረም። የጨመረው ግብሩ ነው፤ ከ900 ወደ 1,800። ድምር 6,400። የእሱ ወጪ በ16 በመቶ ብቻ ጨመረ፣ ያም ሙሉ በሙሉ በጉምሩክ በኩል የመጣ ነው።

እኔ ከክሩ ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህንን ነው። ብዙ ሰው ብር ሲዳከም ዕቃው ራሱ እንደሚወደድ ያውቃል። ግብሩ በመቶኛ ተጽፎ በብር የሚከፈል መሆኑን፣ ስለዚህም አንድም አዋጅ ሳይቀየር በአንድ ጎማ ላይ የሚከፈለው ግብር እጥፍ እንደሚሆን ግን ማንም አያነሳውም። የሾፌሩ ጎማ ከ6,500 ወደ 7,800 የሄደበት ዋናው ምክንያት እዚህ ውስጥ አለ።

ስምንተኛው መላሽ የመጀመሪያውን አስመጪ ያዘ። ያ ዕድለኛ ሰው በ3,200 ያስገባውን ጎማ በስንት ይሸጥ ነበር? ትራንዚተሯ ሳታድበሰብስ መለሰች። ገበያው ላይ ዋጋ የሚቆርጠው ሁለተኛው አስመጪ ነው፤ ጎማው የሚበቃው የእሱ ሲጨመር ብቻ ስለሆነ። ስለዚህ የባንክ ዶላር ያገኘውም በ6,500 ይሸጥ ነበር፣ ልዩነቱም ኪሱ ይገባ ነበር። ወይም ዶላሩን ለማግኘት በደረሰኝ የማይታይ ኮሚሽን ከፍሎ ከሌላ ሰው ጋር ይካፈለው ነበር። እዚህ ላይ የክሩ ድምፅ ከረረ። ሁለት ሰዎች ማን ማን እንደበላ ስም ሊጠሩ ሲሉ አወያዩ ገብቶ መልሶቻቸውን አነሳ፤ ስም መጥራትም ሆነ ዘር መቁጠር እንደማይፈቀድ አሳስቦ።

አሥራ አንደኛዋ መላሽ ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራ እህት ናት። ጥያቄውን እንደ ገንዘብ መላክ ጉዳይ ነው የተረዳችው። ለእናቷ በየወሩ አንድ ሺህ ድርሃም ትልካለች። ዶላር እንጂ ድርሃም ጨመረ ሲባል ስላልሰማች፣ በባንክ መላኩ ይጎዳታል ወይ ስትል ጠየቀች። አንድ ሰው በትህትና እህቴ ብሎ አስረዳት። ድርሃም ከ1990ዎቹ ጀምሮ በ3.67 ገደማ ከዶላር ጋር የታሰረ ስለሆነ፣ ዶላር በብር ሲወጣ ድርሃሙም እኩል ይወጣል። የድሮው ሺህ ድርሃም በባንክ 15,600 ብር አካባቢ ነበር፤ በ115 ሲሰላ ከ31,000 ያልፋል። እሷ ግን ደስ አላላትም። እናቷ ዘይቱም መድኃኒቱም ስለጨመረባት ገንዘቡ ከድሮው ብዙም እንደማይበልጥ እንደነገረቻት ጻፈች። በተለይ ከዚህ በፊት በእጅ በብላክ ስትልክ ስለኖረች፣ ለእሷ ምንዛሪው እጥፍ አልሆነም። ሳታውቀው የትራንዚተሯን ሁለተኛ አስመጪ ታሪክ ከሌላው ጫፍ ነገረችን።

ከዚያ በኋላ ጥቂት መልሶች ባንክ ይሻላል ወይስ በእጅ የሚለው ላይ ተንጠለጠሉ። አንዱ የብላኩና የባንኩ ልዩነት ተመልሶ መስፋቱን ተናገረ፣ ሌላው በእጅ የላከው ገንዘብ ጠፍቶበት እንደቀረ። አወያዩ ይህንን ለሌላ ክር ተዉት አለ።

አሥራ ስድስተኛዋ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ወጣት ናት፤ የሾፌሩን የመጀመሪያ ጥያቄ የዘጋችው እሷ ናት። መድኃኒት አስመጪው ዶላሩን በቅድሚያ ከባንክ ያገኝ ስለነበር፣ የመድኃኒቱ የድሮ ዋጋ የተሠራው በ57 ብር ከ50 ነው። ብላክ ውስጥ አልገባም። ስለዚህ ምንዛሪው ሲለቀቅ የዶላሩን ጭማሪ ሙሉውን ነው የተሸከመው። የእናትየው 420 ብር ድሮም በርካሽ ዶላር የቆመ ነበር። ግን አንድ ነገር አከለች፤ ያ 420 ብር ዋጋ ሁልጊዜ መድኃኒቱ አለ ማለት አልነበረም። የባንክ ዶላር ሲዘገይ መድኃኒቱ ለወራት ይጠፋ ነበር፤ ያኔ ሰው በሻንጣ የገባውን በእጥፍ ይገዛ ነበር። ሾፌሩ ይህንን አመነ። አንድ ጊዜ ሦስት መድኃኒት ቤት ዞሮ አራተኛው ላይ በ900 እንደገዛ አስታወሰ።

ነዳጁን ያነሳው አሥራ ስምንተኛው ነው። ነዳጅ የሚገዛው በዶላር ሆኖ ሳለ ቤንዚን በዚያው ወር ለምን እጥፍ አልሆነም ሲል ጠየቀ። መልሱን ሾፌሮች ራሳቸው ሰጡት። መንግሥት ልዩነቱን በድጎማ ይዞ ቀስ በቀስ ለቀቀው። አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን 82 ብር ከ60 ነበር። በመስከረም 2017 መጨረሻ 91 ብር ከ14 ሆነ፣ በታህሳስ መጨረሻ 101 ብር ከ47፣ ግንቦት ላይ ከ120 አለፈ። ምንዛሪው በሳምንታት ያደረገውን ማደያው በደረጃ እየከፈለ ሄደ።

ሃያኛው መልስ ለማንበብ ይከብዳል። የኤሌክትሪክ ዕቃ አስመጪ ነው። ከቻይና አቅራቢው በዘጠና ቀን የሚከፈል ዱቤ የ30,000 ዶላር ዕቃ ወሰደ። ዕቃው ግንቦት 2016 ገባ። በባንክ ዋጋ እንደሚከፍል አስቦ፣ ዕዳውን 1,725,000 ብር ብሎ ይዞ፣ ዋጋ ቆርጦ አከፋፈለው። ሐምሌ ላይ ዕቃው ተሽጦ አልቋል፣ ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ዶላሩ እስኪሰጠው ሲጠብቅ ምንዛሪው ተለቀቀ። ባንኩ ሲከፍልለት የጠየቀው በአዲሱ ዋጋ ነው፤ ያ ሰላሳ ሺህ ዶላር 3,450,000 ብር ሆነ። ከገዢዎቹ ዘንድ ተመልሶ ልዩነቱን ስጡኝ ማለት አይችልም። ሚኒባሱን ሸጠ፣ ከወንድሙ ተበደረ። የብር መዳከም ዋጋ ላይ እንዴት እንደሚገባ ለማወቅ የፈለገ ሰው ከዚያ በኋላ ያደረገውን ይይ አለ፤ አሁን ዋጋ ሲቆርጥ የዛሬውን ምንዛሪ ሳይሆን ከሦስት ወር በኋላ ይሆናል ብሎ የሚፈራውን ይዞ ነው።

አንድ ሰው በባንክ ርካሽ ዶላር ሊያተርፍ አስቦ ስለነበር አላዝንለትም ብሎ ጻፈ። ይህ የክሩ ክፉ ቃል ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰውየው በደንቡ ሄዶ ነው የወደቀው። ቢሆንም ትራንዚተሯ ከዚህ ውስጥ አንድ ቁም ነገር አወጣች። አስመጪዎች ከዚያ በኋላ ዋጋቸው ውስጥ የስጋት ሂሳብ ከተቱ፤ ምንዛሪው በቀን ጥቂት ሳንቲም ብቻ ቢንቀሳቀስም ያ ሂሳብ ቶሎ አይወጣም።

ሃያ ሁለተኛው ሁሉንም ተሳስታችኋል ብሎ ገባ። የዋጋ ግሽበት በሐምሌ 2016 ከነበረበት ወርዶ በ2017 ወደ 14 በመቶ ገደማ መድረሱን ጠቅሶ፣ ብር መዳከሙ ዋጋን አይጨምርም ሲል ደመደመ። ሦስት ሰው ተረባረበበት። አንዱ ግሽበት ወረደ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት እንዳልሆነ፣ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት ብቻ እንደሆነ በቁጣ ነገረው። የኢኮኖሚክስ ተማሪው ተመልሶ መጣ፤ በዚህኛው ጥሩ ነጥብ ነበረው። ከመለኪያው ግማሽ ያህሉ ምግብ ነው፣ ከምግቡም አብዛኛው እዚሁ የሚመረት ነው። በዚያ ላይ ባንኮች የሚያበድሩት ገንዘብ ከነሐሴ 2015 ጀምሮ በጣሪያ ተይዞ ነበር። ከውጭ የሚገባው ሲወደድ፣ ሰው ደግሞ ብዙ ብር በእጁ ከሌለው፣ ሌላ ነገር ይተዋል። ሃያ ሁለተኛው መላሽ አልተረታም። ጎማና መድኃኒት ሁለት ዕቃ ናቸው፣ አገር ማለት አይደለም ብሎ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አይቻልም። ብዙ ዕቃ ቀድሞውኑ በብላክ ዋጋ ይሸጥ ባይሆን ኖሮ፣ ያ ዓመት ከዚህ በጣም የከፋ ይሆን ነበር።

ሃያ አምስተኛው የሳሙና ፋብሪካ ያለው ሰው ነው። የአገር ውስጥ ምርት ተብሎ መለያ የተለጠፈበት ሳሙና ለምን ጨመረ ሲሉ ሸማቾች እንደሚሰድቡት ተናገረ። ሳሙናው የሚሠራበት ኑድል የሚባለው ጥሬ ሳሙናም ሆነ ኮስቲክ ሶዳው ከውጭ ይመጣል። እሱ ጋ የአገር ውስጥ የሆነው ውሃው፣ መብራቱና ሠራተኛው ነው። ለዚህም ነው የሳሙናው ዋጋ እጥፍ ያልሆነው፤ የጨመረው ከውጭ የሚመጣው ክፍል ብቻ ነው። ብዙ ፋብሪካ ዋጋ ከመጨመር ይልቅ የሳሙናውን ግራም እንደሚቀንስም ጠቆመ። ሸማቹ በክብደት ሳይሆን በፍሬ ስለሚገዛ አያስተውለውም። ከሱ በታች አንዷ እናት ቤቷ ያሉትን ሁለት ሳሙናዎች በሚዛን አስቀምጣ ፎቶ ለጠፈች። ልዩነቱ ይታያል።

በዕድሜ የገፉ አንድ አባት ሃያ ስምንተኛ ሆነው ገቡ። በመስከረም 1985 ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲወጣ መርካቶ ነበሩ። ያኔም ሰው ሁሉ ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሊሆን ነው ብሎ ፈርቶ እንደነበር፣ ብላኩ ግን አስቀድሞ ከባንኩ በብዙ ርቆ ስለነበር ብዙው ሸቀጥ የተፈራውን ያህል እንዳልዘለለ አወጉ። በጥቅምት 2010 ዶላር ከ23 ብር ከ40 ገደማ ወደ 26 ብር ከ90 ሲሄድ ደግሞ፣ ቅናሹ 15 በመቶ ብቻ ሆኖ ሳለ አንዳንዱ ነጋዴ በማግስቱ ከዚያ በላይ ጨምሮ አይተዋል። ሁሉም ጋሼ ብሎ አመሰገናቸው፤ የሶማሌ ተራው ነጋዴ ብቻ ዝም አለ።

ነገሩ የተቆረጠ ሲመስል ሾፌሩ በሠላሳኛው መልስ ካልኩሌተር ይዞ ተመለሰ። የትራንዚተሯ ሁለተኛ አስመጪ ወጪው በ900 ብር ጨመረ። ጎማው ግን የጨመረው 1,300 ነው። አራት መቶው የት ገባ? ነጋዴው በመጨረሻ መለሰለት። ትርፍ የሚታሰበው በመቶኛ ነው። ድሮ 5,500 አውጥቶ 1,000 ያተርፍ የነበረ ሰው፣ 6,400 ሲያወጣ በዚያው መቶኛ 1,160 ገደማ ያተርፋል። የቀረውን 240 ብር ለጂቡቲ ወደብና ለመኪና ጭነት ሰጠው። ሾፌሩ ግን ሁለት ነገር ጠየቀ። የሱቁ ኪራይና የሠራተኛው ደመወዝ በዶላር ስላልሆነ፣ ትርፉ ለምን አብሮ ይጨምራል? ናፍጣስ እስከ ጥቅምት የጨመረው ጥቂት ሆኖ ሳለ ጭነቱ እንዴት ያን ያህል ወሰደ? ነጋዴው ለመጀመሪያው፣ የሚያንቀሳቅሰው ገንዘብ ስለበዛ ብድሩም ስጋቱም እንደበዛ ተናገረ። ለሁለተኛው መልስ አልነበረውም። ያ 240 ብር እስካሁን ባለቤት አልተገኘለትም።

ሠላሳ ሁለተኛው መላሽ ወደ ግብሩ መለሰን። መንግሥት በአንድ ጎማ ላይ እጥፍ እየሰበሰበ ስለሆነ ሱር ታክሱ ወደ 5 በመቶ ይውረድ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሌላው ተቃወመ። መንግሥትም የውጭ ዕዳውን የሚከፍለው በዶላር ነው፣ ነዳጁንና ማዳበሪያውን የሚደጉመውም ከዚሁ ገቢ ነው ሲል ተከራከረ። እኔ ሐሳቡ መልስ የሚገባው ይመስለኛል። ግብሩ እጥፍ የሆነው ማንም መክሮበት ሳይሆን፣ ምንዛሪው ሲቀየር አብሮ ተጎትቶ ነው።

የመጨረሻው መልስ የትራንዚተሯ ነው። ግብሩ ይቀንሳል አይቀንስም የሚለውን ተወችው። ይልቁን ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የምታየውን ጻፈች። ቀረጥና ታክሱ ዕቃው ከመውጣቱ በፊት በጥሬ ገንዘብ መከፈል አለበት። ያ ገንዘብ እጥፍ ስለሆነ ኮንቴይነሩ ባለቤቱ ብር እስኪያገኝ ይቆማል፣ የማቆያ ኪራዩም ይቆጥራል። ይህንን ለማምለጥ አንዳንዱ አስመጪ በ40 ዶላሩ ፋንታ የ25 ዶላር ጎማ ማምጣት ጀምሯል፤ ከነዚህ ውስጥ ውጭ አገር መጋዘን ውስጥ ዓመታት የተቀመጠ ይገኝበታል። ስለዚህ ሾፌሩን ዋጋው አልጨመረም ብለህ አትደሰት ስትል መከረችው። ጎማው ጎን ላይ DOT ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ አራት ቁጥር አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተመረተበትን ሳምንት ያሳያሉ፣ የኋለኞቹ ዓመቱን፤ በፈረንጆች አቆጣጠር። 2319 የሚል ካየ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጎኑንም በአውራ ጣት ጫን ብሎ ስንጥቅ እንዳለው ይይ፤ ከገዛ በኋላ የሚመልስለት የለም።